ልጁ ማንን ነው የሚያየው?

አንድ አጭር ፊልም ኤዲት እያደረግሁ ሳለ፣ አልቋል ያልኩትን ትዕይንት ለእናቴ አሳየኋት። ትዕይንቱ 9 ሴኮንድ ነው። አንዲት እናት ከጀበናው ወደ ሲኒ ቡና ትቀዳለች፤ ልጇ አጠገቧ ዱካ ላይ ተቀምጦ መጀመሪያ እጇን፣ ቀጥሎ ፊቷን ያያል። ንግግር የለውም። እናቴ ሁለት ጊዜ አስደግማኝ ካየችው በኋላ «ልጁ ማንን ነው የሚያየው?» አለችኝ። «እናቱን ነዋ» አልኳት። «እሷንማ አያያትም። ዓይኑ እዚያ የለም» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

የልጁ ፊት የሌላ ሰው ፊት መሆኑን አልነገርኳትም ነበር። አገጩ ላይ ያለውን መጋጠሚያ ለማጥፋት ሦስት ሌሊት ፈጅቻለሁ፤ የግንባሩን ቀለም ከአንገቱ ጋር ለማስማማት ደግሞ ሌላ ሁለት ሌሊት። አንዱንም አላየችብኝም። ያየችው ዓይኑን ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዋናው ተዋናይ ቀረጻው ሳያልቅ ኑሮውን አሜሪካ አደረገ። የቀረችን ይቺ አንድ ትዕይንት ብቻ ነበረች። ቁመናው የሚመሳሰል ተተኪ አስቀምጠን ቀረጽንና፣ በተተኪው ፊት ላይ የተዋናዩን ፊት በኮምፒዩተር ለማልበስ ወሰንን። ተዋናዩ በጽሑፍ ፈቀደልን፤ የራሱን ፊት በስልኩ ቀርጾም ላከልን። ቪዲዮው ጥሩ ነበር፤ ጥርት ያለና ብርሃኑ የተስተካከለ። ችግሩ ሁሉ ከዚያ ጥራት መምጣቱ የገባኝ በኋላ ነው።

የእናቴ ወቀሳ ስሜት ብቻ ይሁን ወይም የሚለካ ነገር ለማወቅ፣ ዋናውን ቀረጻና የተቀየረውን ጎን ለጎን አድርጌ አንድ ፍሬም ላይ አቆምኩ። ተተኪው የእናትየዋን እጅ የሚያይበት ፍሬም ነው። በስክሪኑ ላይ በስተቀኝ ከሚታየው ዓይን ከአፍንጫው በኩል ካለው ጥግ እስከ ውጭኛው ጥግ 96 ፒክስል ሆነ። በዋናው ቀረጻ የጥቁሩ ክብ መሐል ከውስጠኛው ጥግ 38 ፒክስል ላይ ነው፤ በተቀየረው ግን 47 ላይ። ልዩነቱ 9 ፒክስል ነው። በስልክ ስክሪን ላይ ጤፍ አታህልም።

ነገር ግን ሒሳቡ ሲሠራ ሌላ ነው። የሰው ዓይን በሁለቱ ጥጎች መካከል ወደ 30 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ስለዚህ በእኔ ቀረጻ አንድ ሚሊሜትር ማለት ከ3 ፒክስል ትንሽ የሚበልጥ ነው። ዘጠኙ ፒክስል 2.8 ሚሊሜትር ሆነ ማለት ነው። ጥቁሩ ክብ ዓይን ከሚሽከረከርበት ማዕከል 10 ሚሊሜትር ያህል ይርቃል። በዚህ ርቀት 2.8 ሚሊሜትር መንሸራተት ወደ 16 ዲግሪ መዞር ነው። እናትየዋ ከልጁ 1 ሜትር ከ20 ተቀምጣለች፤ በዚያ ርቀት 16 ዲግሪ ከ30 ሳንቲሜትር በላይ ይሆናል። ልጁ የሚያየው የእናቱን እጅ አልነበረም፤ ከእጇ አንድ ክንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስፍራ ያለውን ባዶ አየር ነው። እናቴ ትክክል ነበረች።

ሰው ይህን ያህል ስስ የሆነ ነገር ለምን ይይዛል? አንዱ ምክንያት ዓይናችን ራሱ አቅጣጫውን የሚያሳብቅ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለት የጃፓን ተመራማሪዎች፣ ኮባያሺና ኮሺማ፣ የብዙ ዓይነት ዝንጀሮዎችንና ጦጣዎችን ዓይን ከሰው ጋር አነጻጽረው ነበር። የዓይኑ ነጭ ክፍል እንደ ሰው ሰፍቶ የሚታይ አላገኙም። ነጩ ሜዳ ሲሰፋ ጥቁሩ የት እንዳለ ከሩቅ ይታያል። አማርኛችንም ለዚህ ቃል አልሰሰተም፤ ገላመጠ፣ አፈጠጠ፣ ሰረቅ አድርጎ አየ፣ አጮለቀ፣ ቃኘ እንላለን። በመገላመጥና በማየት መካከል ያለው ርቀት በሚሊሜትር ሲለካ ከሁለት ወይም ከሦስት አይበልጥም፤ ጠብ ለማስነሳት ግን ይበቃል።

ፕሮግራሙ ይህን ስሕተት ለምን ሠራ? የተጠቀምኩት ዲፕፌስላብ የሚባለውን ነው። አሠራሩን በቀላሉ ለመረዳት አንድ አንባቢና ሁለት ሠዓሊዎች አስቡ። አንባቢው የጋራ ነው፤ ፊት ያያል፣ «አፉ ትንሽ ተከፍቷል፣ ጭንቅላቱ ወደ ግራ ዞሯል፣ ቅንድቡ ተነሥቷል» እያለ በራሱ ምስጢራዊ ቋንቋ ይመዘግባል። አንደኛው ሠዓሊ በዚያ መዝገብ ተተኪውን ብቻ መሣል ይማራል፤ ሁለተኛው ተዋናዩን ብቻ። ሁለቱም ለቀናት በሺህ በሚቆጠሩ ፍሬሞች ይለማመዳሉ። ቅየራው ሲደረግ ተንኮሉ አንድ ነው፦ አንባቢው የተተኪውን ፊት ያነብና መዝገቡን ለተዋናዩ ሠዓሊ ያቀብለዋል። ሠዓሊው በተተኪው አኳኋን የተዋናዩን ፊት ይሥላል።

እንግዲህ የእኔ ሠዓሊ ከየት ተማረ? ተዋናዩ ከላከው ቪዲዮ። በዚያ ቪዲዮ ውስጥ ተዋናዩ ይስቃል፣ ይናደዳል፣ አንገቱን ያዞራል፣ ፊደል ይቆጥራል። ዓይኑ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስልኩ ላይ ነው። አንገቱን ሲያዞር እንኳ ዓይኑን ከካሜራው አልነቀለም። ሠዓሊው ይህ ሰው ወደ ጎን ሲያይ አንድም ቀን አላየም። «ወደ ግራ ዝቅ ብሎ ያያል» የሚል መዝገብ ሲደርሰው፣ የሚያውቀውን ወደ እኛ የሚያይ ዓይን ሣለና በጥቂቱ ብቻ ወደ ግራ ሳብ አደረገው። ያልተማረውን ከየት ያምጣ።

በዚህ ላይ የመጠን ነገር አለ። ፕሮግራሙ ፊቱን የሚሥለው በዋናው ስፋት ሳይሆን በትንሽ ካሬ ውስጥ ነው፤ የእኔው 256 በ256 ፒክስል ነበር። በዚያ ካሬ ውስጥ ከግንባር እስከ አገጭ ሲገባ ለጥቁሩ ክብ የሚደርሰው ወደ 15 ፒክስል ነው። አንድ ዲግሪ መዞር ሩብ ፒክስል እንኳ አይሞላም። ለፕሮግራሙ ጉንጭ ሰፊ አገር ነው፤ ዓይን ጠባብ ቀበሌ። ጉንጩ ላይ ትንሽ ቢሳሳት ብዙ ቅጣት ይቀበላል፤ ዓይኑ ላይ ቢሳሳት ግን ከጠቅላላ ድምሩ የሚቀነስበት ኢምንት ነው። ለዚህ ተብሎ `Eyes and mouth priority` የሚል ማብሪያ አለው፤ ሲበራ ለዓይንና ለአፍ አካባቢ ስሕተት ክብደት ይጨምራል። አብርቼው አንድ ቀን ተኩል አስለማመድኩት። 16 ዲግሪው ወደ 9 ወረደ። መሻሻሉ የሚካድ አይደለም፤ ይሁንና እናትየዋ አሁንም አልታየችም።

ፊትን «ያጠራሉ» የሚባሉት ሌሎች ፕሮግራሞች ደግሞ ነገሩን ያባብሱታል። ከነሱ ብዙዎቹ የተማሩት ኤፍኤፍኤችኪው ከሚባለው የ70,000 ፎቶ ስብስብ ነው፤ ከፍሊከር የተለቀመ፣ አብዛኛው ሰው ለፎቶ ብሎ ወደ ካሜራ የሚያይበት ነው። የደበዘዘ ዓይን ስትሰጡት ጥርት ያለ ዓይን ይመልስላችኋል፤ ጥርት አድርጎ የሚያየው ግን እናንተን ነው። አንድ ጊዜ ሞክሬ አጠፋሁት።

እስካሁን ያልኩት ስለ አቅጣጫ ነው። እናቴ «ዓይኑ እዚያ የለም» ስትል ግን ሌላም ነገር የነካት ይመስለኛል። ፍሬሙን አጉልቼ ዓይኑን ብቻ ስመለከት፣ በሁለቱም ብሌኖች መሐል ትንሽ ነጭ ቀለበት አየሁ። ክብ፣ መሐሉ ባዶ። ተዋናዩ ራሱን የቀረጸው ቲክቶከሮች በሚወዱት ክብ መብራት ፊት ስልኩን ሰክቶ ነው። ሠዓሊው ይህን ቀለበት በእያንዳንዱ ፍሬም ስላየ የዓይኑ አካል አድርጎ ያዘው። ቅንድብ እንዳለው ሁሉ ቀለበትም አለው አለ። በጭስና በከሰል ሽታ በተሞላ ቤት ውስጥ፣ ከመስኮት በስተቀር ብርሃን በሌለበት፣ ልጁ ዓይኑ ውስጥ የስቱዲዮ መብራት ይዞ ተቀምጧል።

የዓይን ፊተኛው ሽፋን፣ ኮርኒያ፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ መስታወት ነው። የመኪና የጎን መስታወት ዓለምን ጨምቆ እንደሚያሳይ ሁሉ ኮርኒያም ከፊቱ ያለውን ሁሉ ጨምቆ ያሳያል። የጉብጠቱ ሬዲየስ 7.8 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ እንዲህ ያለ መስታወት 2 ሜትር ርቀት ላይ ያለን የ1 ሜትር መስኮት በ2 ሚሊሜትር ስፋት ያሳየዋል። በእኔ ቀረጻ ይህ 6 ፒክስል ያህል ይሆናል። ተተኪው ዓይን ላይ ቆጥሬዋለሁ፤ ከላይ በስተግራ፣ ጥቁሩ ክብ ጠርዝ አጠገብ፣ ትንሽ የተጣመመች አራት ማዕዘን አለች። በመሐሏ የመስኮቱ ብረት እንኳ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይታያል።

ለጥቁር ዓይን ይህች ነጥብ ከሌላው ዓይን ይልቅ ታስፈልገዋለች። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ዓይን ላይ ጥቁሩ ብሌን ከባለቀለሙ ክብ ተለይቶ ስለሚታይ ተመልካች የሚይዘው ሌላ ምልክት አለ። እንደኛ ጠቆር ያለ ቡናማ ዓይን ላይ ግን፣ በተለይ ቤት ውስጥ፣ ብሌኑና ዙሪያው አንድ ጥቁር ክብ ሆነው ይዋሐዳሉ። ዓይኑ እርጥብና ሕይወት ያለው መሆኑን የምትናገረው ያቺ የብርሃን ነጥብ ናት። አጥፏትና እዩት፤ ያው ዓይን የተሰፋ አዝራር ይመስላል። መጀመሪያ ላይ እኔም ቀለበቱን ዝም ብዬ ደምስሼ አይቼው ነበር። ልጁ ሞተ።

ቦታዋም ሕግ አለው። ዓይን ሲዞር ነጥቧ ከጥቁሩ ክብ ጋር እኩል አትሄድም። ጥቁሩ ክብ ከዓይን መዞሪያ ማዕከል 10 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚርቅ ብዙ ይጓዛል፤ የኮርኒያው ጉብጠት ማዕከል ግን ከዚያው መዞሪያ ከ6 ሚሊሜትር በታች ስለሆነ ነጥቧ የምትጓዘው የዚያን ግማሽ ወይም ትንሽ የሚበልጠውን ነው። ስለዚህ ሰውየው ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲያይ ጥቁሩ ክብ ነጥቧን እየቀደመ ከሥሯ የሚንሸራተት ይመስላል። የሰውን ዕይታ የሚከታተሉ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች የሚሠሩት ይህንኑ ልዩነት በመለካት ነው። ነጥቧን በጥቁሩ ክብ ላይ በማስቲሽ እንደለጠፋችኋት አብራ እንድትሄድ ካደረጋችሁ፣ ተመልካች ምክንያቱን አያውቅም፤ አሻንጉሊት ግን ይታየዋል።

መፍትሔው ለካ ከጅምሩ በእጄ ነበር። ተተኪው በትክክለኛው ሰዓት፣ በትክክለኛው ቤት፣ ትክክለኛዋን እናት አይቷል። የእሱ ዓይን አቅጣጫውንም የመስኮቱንም ነጥብ ይዟል። ታዲያ ለምን እጥለዋለሁ? ተዋናዩን ተዋናይ የሚያደርገው የዓይኑ ቆብ ቅርጽ፣ የጥጎቹ አቀማመጥ፣ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ነው። ኳሱ ራሱ፣ ማለትም ነጩና ጥቁሩ፣ ሁለቱም ጠቆር ያለ ቡናማ ዓይን ካላቸው፣ ማን መሆኑን ብዙም አይናገርም። ስለዚህ ቆቡን ከተዋናዩ፣ ኳሱን ከተተኪው ለማድረግ ወሰንኩ።

ሥራው በቆቦቹ መካከል ያለውን ክፍተት ብቻ ተከትሎ የሚሄድ ማስክ መቁረጥ ነው፤ የማስኩ ውስጥ የተተኪው ዋና ቀረጻ፣ ውጪው የተቀየረው ፊት። ሲነገር ቀላል ነው። የመጀመሪያ ሙከራዬ ዓይኑን የወተት ቆዳ የለበሰ አስመሰለው፤ የማስኩን ጠርዝ ለማለስለስ ብዬ 6 ፒክስል አደብዝዤው ነበርና የላይኛው ቆብ ቆዳ ወደ ነጩ ፈሰሰ። ወደ አንድ ተኩል ፒክስል ስቀንሰው ጠራ። ቀጥሎ ደግሞ ነጩ አፈጠጠ። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የላይኛው ቆብና ሽፋሽፍቱ በነጩ አናት ላይ ስስ ጥላ ይጥላሉ። የተዋናዩ ቆብ ከተተኪው ትንሽ ዝቅ ስለሚል የተተኪው ጥላ በአዲሱ ቆብ ተሸፍኖ ቀርቷል፤ የሚታየው ጥላ የሌለው ነጭ ብቻ ነው። ከአዲሱ ቆብ ሥር 4 ፒክስል ያህል የሚሰፋ ቀጭን ጥላ መልሼ ስሥል ዓይኑ በጉድጓዱ ውስጥ ተቀመጠ። በታችኛው ቆብ ጠርዝ ላይ ያለችውንም የእንባ መስመር ረስቼ ነበር፤ ያቺም መስታወት ናት፣ ከመስኮቱ ቀጭን ክር ትስላለች።

አንዳንድ ፍሬም ላይ ኳሱን ማስቀረት አልተቻለም። የተዋናዩ ቆብ ጠበብ ብሎ የመስኮቱን ነጥብ ግማሽ የሚቆርጥበት ስፍራ አለ። በዚያ ነጥቧን ብቻ ከተተኪው ወሰድኩ። ነጸብራቅ በዓይን ቀለም ላይ የሚደመር ብርሃን እንጂ የሚሸፍን ቀለም አይደለም። ስለዚህ ነጥቧን ቆርጦ መለጠፍ ጠርዟ ላይ ቆሻሻ ይተዋል፤ ጥቁሩን ዙሪያ ወደ ፍጹም ጥቁር አውርዶ በ`Screen` ስልት መደረብ ግን ብርሃኗን ብቻ ያሳልፋል። ቆብ ግማሿን ቢቆርጣት ይቆረጥ፤ በእውነተኛ ዓይንም ቆብ ነጸብራቅን ይቆርጣል።

ይህን ሁሉ ጨርሼ ስለካ ጥቁሩ ክብ 38 ፒክስል ላይ ነው። ልክ ነው። ሆኖም ሳጫውተው ልጁ አሁንም ከእናቱ እጅ በጥቂቱ ወደ እኛ የመለሰ ይመስላል። ዓይኑ የተተኪው ራሱ ነው፣ አንድ ፒክስል አልነካሁትም፤ እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልሱን ያገኘሁት ከ200 ዓመት በፊት ከኖረ እንግሊዛዊ ነው። ዊልያም ሃይድ ዎላስተን ኬሚስት ነበር፤ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉትን ብረቶች ያገኘ። እ.ኤ.አ. በ1824 ግን በሥዕል ላይ ያሉ ዓይኖች ወዴት እንደሚያዩ ጽፎ አሳተመ። ያደረገው ቀላል ነገር ነው። ሁለት ዓይን ያለበትን አንድ ሥዕል ወስዶ ከሥሩ የአፍንጫውንና የአፉን ክፍል ቀያየረ። አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ የዞረ አፍንጫ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ግራ የዞረ። ዓይኖቹ አልተነኩም፤ የሚያዩበት አቅጣጫ ግን የተለወጠ ይመስላል፤ ወደ አፍንጫው አቅጣጫ ይሳባሉ። ዕይታን የምናነበው ከዓይን ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ጭንቅላቱ ወዴት እንደዞረም አብረን እንደምራለን።

የእኔም ነገር እዚያ ላይ ነበር። ሠዓሊው ተዋናዩን አብዝቶ ያየው ከፊት ለፊት ስለሆነ፣ ወደ ግራ የዞረውን አፍንጫ ትንሽ ወደ እኛ መልሶ ሥሎታል። ልዩነቱ በዓይን ለማየት ያስቸግራል፤ አፍንጫውን በእጄ ስሸፍነው ግን ዓይኑ ወደ እናቱ ተመለሰ፣ ሳነሣ ደግሞ ወደ እኛ። እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ ለማጣራት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ የፊቱን ታችኛ ግማሽ በወረቀት መሸፈንና መግለጥ። አፍንጫውን መልሶ ማሣል ሌላ ሳምንት ስለሚወስድ፣ ጥቁሩን ክብ 2 ፒክስል ወደ ውስጠኛው ጥግ ገፋሁት፤ የመስኮቱን ነጥብ ደግሞ፣ ከላይ ባልኩት ሕግ መሠረት፣ 1 ፒክስል ብቻ። ለመለኪያው አሁን ስሕተት ነው። ለተመልካች ግን ልክ ሆነ። እኔ ከመለኪያው ይልቅ ተመልካችን አምናለሁ።

የቀረው እንቅስቃሴው ነው። ማስኩ በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ በግማሽ ፒክስል ስለሚዋልል ዓይኑ ይርገበገባል፤ ይህን ለማስታገስ አቀማመጡን በዘጠኝ ተከታታይ ፍሬሞች አማካይ አደረግሁት። መርገብገቡ ጠፋ። ነገር ግን ልጁ ከእጇ ወደ ፊቷ ሲያይ ዓይኑ እንደ ዓሣ እየዋኘ ሄደ። የሰው ዓይን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲሸጋገር አይዋኝም፤ ይዘላል። ዝላዩ ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ በ25 ፍሬም ቀረጻ ይህ ሁለት ፍሬም ነው። ዓይን ለስልሶ የሚንሸራተተው የሚንቀሳቀስ ነገር ሲከተል ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የሚቀዳውን ቡና ሲከተል። እኔ የሁለት ፍሬም ዝላይ በዘጠኝ ፍሬም አሰራጭቼ ቀን ሕልም የሚያይ ሰው አደረግሁት። ማለስለሱን ዓይኑ በረጋባቸው ፍሬሞች ላይ ብቻ ተውኩና ዝላዩን እንደነበረ መለስኩ። ጥቅሻውም ላይ እንዲሁ። ልጁ አንድ ጊዜ ለ6 ፍሬም ይጠቅሳል፤ ቆቡ ሲዘጋ ማስኩ ካልተዘጋ፣ በተዘጋ ቆብ ላይ ዓይን ይታያል። ያየሁት እኩለ ሌሊት ላይ ብቻዬን ሆኜ ነው፤ አልመክርም።

ይህ ዕውቀት ለሐሰተኛ ቪዲዮ ሠሪም ያገለግላል የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነት ነው። የምስል መርማሪዎችም ከዚሁ ነጥብ ይነሣሉ። ማይካ ጆንሰንና ሃኒ ፋሪድ እ.ኤ.አ. በ2007 ከተለያየ ፎቶ የተገጣጠሙ ሰዎችን ዓይናቸው ላይ ካለው ነጸብራቅ የብርሃኑን አቅጣጫ አስልተው ለመለየት የሚያስችል ዘዴ አሳትመዋል። በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ የእነ ሲዌይ ሊዩ ቡድን ደግሞ በ2021 ባሳተመው ጥናት፣ ኮምፒዩተር ከባዶ የፈጠረው ፊት በሁለቱ ዓይኖች ላይ የማይመሳሰል ነጸብራቅ እንደሚያሳይ ተጠቅሞ ሐሰቱን ለይቷል። እንደኔ የተተኪውን ኳስ ያስቀረ ቅየራ ግን ይህን የነጸብራቅ ፈተና ያልፋል፤ ነጸብራቁ እውነተኛ ነውና። መርማሪው አፍንጫው ላይ፣ ቆቡ ላይ፣ የቆዳው ጥራት ላይ መሄድ አለበት። በፊልማችን መጨረሻ ላይ የተዋናዩ ፊት በተተኪ ላይ በኮምፒዩተር የለበሰበት ትዕይንት እንዳለ ጽፈናል፤ የተተኪውም ስም አብሮ አለ። ዓይኑ የሱ ነውና።

ከ225 ፍሬሞች 40 ያህሉን በእጄ አንድ በአንድ ነካክቻለሁ። እናቴ እንደገና ስታየው ምንም አላለችም። ቡናው ቀጠነ አለች።

ይህን ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር አደራ። ፊቱን የሚሰጣችሁ ሰው ራሱን ሲቀርጽ ክብ መብራቱን ያጥፋ፤ መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፤ ከዚያ ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ ዓይኑን ብቻ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝና ወደ አራቱ ማዕዘኖች እያዞረ በእያንዳንዱ ላይ አምስት አምስት ሴኮንድ ይቆይ። ቀጥሎ ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዙሮ ያንኑ ይድገም። በድምሩ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። እኔ ያንን ሳልጠይቅ ቀርቼ አምስት ሳምንት ከፍያለሁ።